ፊልሙ አልቋል፤ የትኛውን ፋይል፣ የትኛውን ፎቶ፣ የትኛውን ሲኖፕሲስ እንላክ?

ኤዲቱ አልቋል፣ ድምፁ ተቀላቅሏል፣ ቀለሙ ተስተካክሏል። ዴስክቶፑ ላይ «ፋይናል»፣ ከጎኑ «ፋይናል 2»፣ ከሱ በታች ደግሞ «የመጨረሻው ፋይናል» የሚሉ ፋይሎች ተደርድረዋል። አሁን ፌስቲቫል ላይ ማስገባት ነው የቀረው። እና ብዙዎቻችን ገንዘብም ጊዜም የምናባክነው እዚህ ጋ ነው፤ ምክንያቱም ፌስቲቫል የሚፈልገው አንድ ነገር ይመስለናል።

ሁለት ነው። አንደኛው ለመመረጥ የሚላከው ነው፦ መራጮቹ ላፕቶፕ ላይ የሚያዩት ቀላል ፋይል፣ ሲኖፕሲስ የሚባለው የታሪኩ አጭር ጽሑፍ፣ አንድ ሁለት ፎቶ። ሁለተኛው ከተመረጣችሁ በኋላ ለሲኒማ አዳራሹ የሚላከው ነው። የመጀመሪያው ዛሬ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ምናልባት በጭራሽ ላያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ ገና ሳትመረጡ ዲሲፒ የሚባለውን የሲኒማ ቤት ቅጂ ለማሠራት ገንዘብ የምትከፍሉ ከሆነ ቆም በሉ። ያን ገንዘብ ለእንግሊዝኛ ሰብታይትሉ ጥራት አውሉት።

ከዚህ በታች የማወዳድረው በራሳችን ፊልም ነው። 12 ደቂቃ ነው፣ አዲስ አበባ የተቀረጸ፣ በአማርኛ፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ 1920 በ1080። ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት እናት ካሴት የተጣበቀበት አሮጌ ቴፕ ይዘው መርካቶ ጠጋኝ ጋ ይሄዳሉ።

ለመራጮቹ፦ ኤች 264 ወይስ ፕሮሬስ?

ብዙ የሚጨምቀው ኤች 264። ክርክር የለውም። በሰከንድ 10 ሜጋቢት አካባቢ የወጣ የ12 ደቂቃ ፊልም 900 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ያው ፊልም ብዙም በማይጨምቀው ፕሮሬስ 422 ኤችኪው ሲወጣ ወደ 16.5 ጊጋባይት ይጠጋል። መራጩ ላፕቶፑ ላይ ሲያየው የጥራቱ ልዩነት አይታየውም፤ እናንተ ግን ግማሽ መንገድ ላይ በሚቋረጥ ኢንተርኔት 16 ጊጋ ስትጭኑ ሌሊቱ ይነጋል።

ፕሮሬሱ ግን አይጣል። እሱ እናቱ፣ ማስተሩ ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ ከሱ ይወለዳሉ። ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሁለት የተለያየ ቤት አስቀምጡት። ያለ ሰብታይትል ይሁን፤ ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

እኛ ለመራጮች የላክነውን ኮፒ ከማስተሩ ያወጣነው ffmpeg በሚባል ነፃ ፕሮግራም፣ በዚህች ትእዛዝ ነበር፤ ሰብታይትሉንም ምስሉ ላይ ታትምላችኋለች፦

```
ffmpeg -i master.mov -vf "subtitles=en.srt" \
 -c:v libx264 -crf 18 -pix_fmt yuv420p \
 -c:a aac -b:a 320k -movflags +faststart screener.mp4
```

`yuv420p` የምትለዋን አትዝለሉ። ካልተጻፈች ከፕሮሬስ የሚወጣው ፋይል አንዳንድ ማጫወቻ ላይ ድምፁ ይሰማና ምስሉ ጥቁር ይሆናል፤ እናንተ ቤት ደግሞ ያለምንም ችግር ይጫወታል። ለዚህ ነው ከመላካችሁ በፊት የወጣውን ፋይል በስልክ፣ በሌላ ሰው ኮምፒውተርና በብሮውዘር ከፍታችሁ ማየት ያለባችሁ።

ለፌስቲቫሎች በሚመለከትበት ድረ ገጽ በፊልምፍሪዌይ ላይ በቀጥታ መጫን ይሻላል ወይስ የቪሜኦ ሊንክ መስጠት? ሁለቱም ይሠራል። የቪሜኦ ጥቅሙ ሊንኩን ሳትቀይሩ ፋይሉን መተካት መቻሉ ነው። የሰብታይትል ስህተት ካገኛችሁ በዚያው ሊንክ ሥር አርማችሁ ታስገባላችሁ። ጉዳቱ ፓስወርዱ ነው። አንዱ የቡድናችን ልጅ «ለደህንነት» ብሎ ፓስወርዱን ቀየረና ለሦስት ሳምንት ያህል ያመለከትንባቸው ፌስቲቫሎች በሙሉ የሞተ ሊንክ ይዘው ቆዩ። ማንም ደውሎ አይነግራችሁም። ስለዚህ ማመልከቻው መልስ እስኪያገኝ ፓስወርዱ አይነካም።

ዩቲዩብ ግን ተዉት። በይፋ ከወጣ የመጀመሪያ እይታ ለሚጠይቁ ፌስቲቫሎች ጉዳዩ አበቃ ማለት ነው።

ሰብታይትል፦ የታተመ ወይስ የተለየ?

መልሱ እንደ ፋይሉ ይለያያል። ለመራጮች በሚላከው ላይ ይታተም። መራጩ «ሰብታይትል አብራ» የሚለውን ቁልፍ ይፈልጋል ብላችሁ አትጠብቁ፤ አማርኛውን ሁለት ደቂቃ ሰምቶ ምንም ካልገባው ወደሚቀጥለው ፊልም ያልፋል። ማስተሩ ላይ ግን አይታተም፤ ለብቻው በኤስአርቲ ፋይል ይቀመጥ።

አንድ የማውቀው ልጅ እንግሊዝኛው የታተመበትን ብቻ አስቀርቶ ፕሮጀክቱን አጠፋው፤ ዲስኩ ሞልቶበት ነው። ከስድስት ወር በኋላ ፈረንሳይኛ ሰብታይትል የሚፈልግ ፌስቲቫል መረጠው። ያለው አማራጭ እንግሊዝኛውን በጥቁር ሣጥን ሸፍኖ ከላዩ ፈረንሳይኛውን መጻፍ ነበር። አደረገውም። የተዋናይዋ አገጭ ከሣጥኑ ሥር ሲገባና ሲወጣ ነው ፊልሙ ያለቀው።

አማርኛ ጽሑፍም ሰብታይትል ውስጥ ካለ ፋይሉ በ`UTF-8` መቀመጥ አለበት፤ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት (ለምሳሌ `Noto Sans Ethiopic`) እንዲመረጥም አድርጉ። ካለበለዚያ ፊደሉ በሙሉ ባዶ ሣጥን ሆኖ ይወጣል።

ሲኖፕሲስ፦ አንድ መስመር፣ አንድ አንቀጽ ወይስ አንድ ገጽ?

ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ሦስት መጠን ነው። አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ከ50 እስከ 100 ቃል የሆነ አጭር፣ እና 250 ቃል አካባቢ የሆነ ረጅም። አንዱን አሳጥሮ ወይም አስረዝሞ ሌላውን ማውጣት የሚቻል ይመስላል፤ ግን ሥራቸው ይለያያል። አጭሩ ካታሎግ ላይ ይታተማል፣ ተመልካቹ ቲኬት ሲመርጥ ያነበዋል። ረጅሙን የሚያነቡት ብዙውን ጊዜ መራጮቹ ናቸው። ስለዚህ አጭሩ ላይ መጨረሻውን አትናገሩ፤ ረጅሙ ላይ ከተጠየቀ ንገሩ። መራጭ ታሪኩ የት እንደሚያርፍ ማወቅ ይፈልጋል፤ «የሚሆነውን በፊልሙ ያያሉ» የሚል መጨረሻ ለእሱ አይሠራም።

የኛ የመጀመሪያ ሙከራ ይኸውላችሁ፦

«ፊልሙ ስለ እናት ፍቅር፣ ስለ ትዝታና ጊዜ ስለማይሽረው ቁስል የሚናገር ልብ የሚነካ ታሪክ ነው።»

ይሄ የማን ፊልም ነው? የማንም። መርካቶ የለም፣ ቴፕ የለም፣ ሰው የለም። «ልብ የሚነካ» የሚለውን ደግሞ ተመልካቹ ይበል እንጂ እኛ ስለራሳችን ማለት ያስቃል። ሁለተኛው ሙከራ፦

«ወይዘሮ አስካለ ለአሥራ ሁለት ዓመት ያልተከፈተ ቴፕ ይዘው መርካቶ ይሄዳሉ። ጠጋኙ ልጅ የተጣበቀውን ካሴት ለማውጣት ክሩን መቁረጥ እንዳለበት ሲነግራቸው፣ በውስጡ ያለው ድምፅ የማን እንደሆነ ለመናገር ይገደዳሉ።»

ሰው አለ፣ ዕቃ አለ፣ ቦታ አለ፣ መወሰን ያለበት ነገር አለ። ድምፁ የማን እንደሆነ አልተነገረም። አለቀ፣ ይሄን ነው የላክነው።

አሁን አንድ ነገር ቁጠሩ። ከላይ ያለው በአማርኛ 26 ቃል ነው። ወደ እንግሊዝኛ ስንመልሰው 45 ሆነ። እኛ በአንድ ግሥ የምንጨርሰውን እነሱ በሦስትና በአራት ቃል ነው የሚሉት። ስለዚህ ቅጹ «ቢበዛ 50 ቃል» ካለ በአማርኛ 50 ጽፋችሁ ለተርጓሚ አትስጡ፤ 28 አካባቢ ላይ አቁሙ። ካለበለዚያ ትርጉሙ ሲያልፍ ተርጓሚው ራሱ ይቆርጠዋል፣ ወይም ቅጹ መሃል ላይ ይቆርጥና ዓረፍተ ነገራችሁ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ትርጉሙ ላይ ሌላም አለ። «ወይዘሮ» እና «እትዬ» እንግሊዝኛው ላይ ሲወርዱ የሴትየዋ ዕድሜ አብሮ ይጠፋል። እኛ ስሙ ላይ ዕድሜ ጨመርንበት፦ አስካለ፣ 67። ጠጋኙም ወጣት መሆኑ እንዲገባ አደረግን። መርካቶንም «ገበያ» ብለን አልቀየርነውም፤ ስሙን እንዳለ ትተን ቦታው የጥገና ሱቅ መሆኑን ጨመርንበት።

ፎቶው፦ ከፊልሙ የወጣ ፍሬም፣ የቀረጻ ፎቶ ወይስ ፖስተር?

ሦስቱ ይምታታሉ። ፖስተር ጽሑፍና ዲዛይን ያለበት ነው። የቀረጻ ፎቶ ካሜራውና ቡድኑ የሚታዩበት ነው፤ ለፌስቡክ ጥሩ ነው፣ ካታሎግ ላይ ግን አይፈለግም። ፌስቲቫሎች «ስቲል» የሚሉት ከፊልሙ ዓለም ውስጥ የሆነ፣ ጽሑፍ የሌለበት ምስል ነው። ለአጭር ፊልም ከፖስተሩ ይልቅ ይሄ ይበልጣል፤ ድረ ገጻቸው ላይ፣ ካታሎጉ ላይ፣ ጋዜጠኛ ሲጽፍ የሚወጣው እሱ ነው። ፖስተር ለማሠራት አቅም ከሌላችሁ ፖስተሩን ተዉትና ስቲሉ ላይ ሁለት ቀን አጥፉ።

ፍሬም ከፊልሙ ማውጣትና ቀረጻ ላይ በፎቶ ካሜራ ማንሳት ደግሞ ሌላ ምርጫ ነው። ፍሬሙ በብርሃንም በቀለምም ፊልሙን ይመስላል። ችግሩ መጠኑ ነው። 1920 በ1080 የሆነ ፍሬም ለኅትመት በሚፈለገው 300 ዲፒአይ ሲታሰብ 16 ሴንቲሜትር በ9 ብቻ ነው። ለካታሎግ ግማሽ ገጽ ይበቃል፤ ለሙሉ ገጽ አይበቃም። በፎርኬ የተቀረጸ ከሆነ እጥፍ ነው፣ አትጨነቁ። በፎቶሾፕ ቁጥሩን ብቻ ወደ 300 መቀየር ደግሞ ምንም አይጨምርም፤ የፒክስሉ ብዛት ያው ነው።

ሁለተኛው ችግር ብዥታ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሹተሩ 1/50 ሆኖ የተቀረጸ እጅ ሲንቀሳቀስ ሁልጊዜ ይደበዝዛል። ፊልሙ ሲሄድ አይታይም፣ ቆሞ ሲታይ ግን ያስጠላል። መፍትሔው ትዕግሥት ነው፤ ሾቱን አንድ በአንድ ፍሬም እያራመዱ ሰውየው ወይም ሴትየዋ ለአፍታ የሚረጉባትን ቦታ መፈለግ። አብዛኛውን ጊዜ ንግግር ሊጀምሩ ሲሉ ወይም ጨርሰው ትንፋሽ ሲወስዱ ይረጋሉ። ፍሬሙን ደግሞ ከማስተሩ አውጡ፤ ከዳቪንቺ ወይም ከፕሪሚየር በቀጥታ፣ በ`PNG` ወይም በ`TIFF`። ከተጨመቀው ኮፒ ላይ ስክሪንሾት የተነሣ ፎቶ ጥቁሩ ቦታ ላይ ትንንሽ ካሬዎች ያሳያል።

እኛ ሦስት እጩ ነበረን። የመጀመሪያው ከላይ የተነሣ ሰፊ የመርካቶ ሾት። ሁላችንም ወደነው፣ ሁለት ሰዓት ጣሪያ ላይ ተሰቅለን ነው የቀረጽነው። ሁለተኛው የጠጋኙ እጅ፣ በመቀስ ጫፍና በካሴቱ ክር መካከል። ሦስተኛው የወይዘሮ አስካለ ፊት፣ ከሱቁ አምፖል ሥር፣ ዓይናቸው ቴፑ ላይ። ሦስቱንም በአውራ ጣት ልክ አሳነስንና ስልክ ላይ ለማያውቁን ሰዎች አሳየን። መርካቶው «ሕዝብ» ሆነ፤ ጣሪያ፣ ቆርቆሮና ላስቲክ ብቻ። እጁን አንዷ «ኤሌክትሪሲቲ ነው?» አለች። ፊቱን ያየ ሁሉ «ምን እያዩ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ፊቱን ላክን። ጣሪያው ላይ የተቃጠለው ሁለት ሰዓት እስካሁን ይቆጨኛል።

ፊልሙ ላይ ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ካለ ከስቲሉ ላይ ይቆረጥ። ጨለማ ፍሬም ከሆነ ደግሞ ለኅትመት ትንሽ አብርታችሁ አስቀምጡ፤ ወረቀት ላይ ሁሌም ይጨልማል።

ከተመረጣችሁ በኋላ፦ ፋይል ወይስ ዲሲፒ?

ትናንሽ ፌስቲቫሎች ፕሮሬስ ወይም ጥሩ ኤች 264 ይቀበላሉ። እውነተኛ ሲኒማ ቤት ውስጥ የሚያሳዩት ዲሲፒ ይጠይቃሉ። ዲሲፒ አንድ ፋይል አይደለም፣ ፎልደር ነው፤ ምስሉ፣ ድምፁና ማን የት እንዳለ የሚናገሩ ዝርዝሮች ያሉበት። ውስጡ ካሉት ፋይሎች የአንዱን ስም ለማሳመር ከቀየራችሁ ዝርዝሩ ስለማያገኘው የሲኒማው ሰርቨር አይቀበለውም።

ማሠራት ወይስ ራስ መሥራት? `DCP-o-matic` የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ለአጭር ፊልም ይበቃል። የኛን 12 ደቂቃ በአንድ ተራ ላፕቶፕ አዳር ሠራው። በሰከንድ 100 ሜጋቢት ላይ ስላደረግነው 9 ጊጋባይት ገደማ ወጣ፤ የሚፈቀደው ጣሪያ 250 ነው፣ ለእንዲህ ያለ ፊልም ግን አያስፈልግም። ምስላችን 1920 በ1080 ስለነበር 1998 በ1080 የሆነው የ«ፍላት» ሸራ ውስጥ ገባ፤ ግራና ቀኝ 39 ፒክስል ጥቁር ቀረ። ማንም አያየውም። እሱን ለመሙላት ምስሉን አታስፉት፤ ሰው ይወፍራል።

የራስ ምታቱ ያለው ሁለት ቦታ ነው፤ የፍሬም ፍጥነትና ድምፅ።

ሲኒማ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው 24 ነው። የኛ 25 ነው። አማራጩ ሁለት ነው። አዲሱ የዲሲፒ ዓይነት (`SMPTE`) 25ን ይቀበላል፤ አሮጌው (`Interop`) ላይ ግን 24 ነው የሚያስተማምነው። ፌስቲቫሉ ስለ ሰርቨሩ ካረጋገጠላችሁ 25 አድርጉት፣ ምንም አይነካም። «24 ብቻ» ካሉ ግን ፍሬሙን ሳትነኩ ፊልሙን ማዘግየት ነው፤ 12 ደቂቃው 12 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ይሆናል። ድምፁም አብሮ 4 በመቶ ስለሚዘገይ የተናጋሪዎቹ ድምፅ በትንሹ ይወፍራል፤ ፕሮግራሙ ላይ ካልተስተካከለ ዘፈን ያለበት ቦታ ላይ ይታወቃል። ማዘግየቱ ደግሞ የርዝመት ገደብ ያለበት ቦታ ላይ ሊያስቸግር ይችላል። የካን የአጭር ፊልም ውድድር ክሬዲቱን ጨምሮ 15 ደቂቃ ነው ገደቡ፤ በ25 የተሠራ የ14 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ፊልም ወደ 24 ሲዘገይ 15 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ይሆናል። የበርሊን 30 ደቂቃ ነው፣ ሰንዳንስ ከ50 በታች፤ እዚያ ይህን ያህል አያጨናንቅም። የሚቀጥለውን ፊልም ገና ካልቀረጻችሁት በ24 ቅረጹት፤ በስልክ የምትቀርጹ ከሆነ ደግሞ 30 ላይ መሆኑን አይታችሁ ቀይሩ፣ ከ30 ወደ 24 መመለስ ምስሉ እየተንገጫገጨ እንዲሄድ ያደርገዋል።

ድምፁ። ስቴሪዮ ሚክስ ላፕቶፕ ላይ ሲሰማ ንግግሩ መሃል ያለ ይመስላል፤ ግራና ቀኝ እኩል ስለሚወጣ ነው። አዳራሽ ውስጥ ግን ግራ ጥግ የተቀመጠው ሰው የወይዘሮ አስካለን ድምፅ ከግራ ግድግዳ ነው የሚሰማው፣ እሳቸው ስክሪኑ መሃል ቆመው። ጥሩው መንገድ ንግግሩን ለብቻው ወደ መሃል ስፒከር ያወጣ 5.1 ሚክስ ነው። ይሄ የሚቻለው ግን ድምፅ ባለሙያው ንግግሩን፣ ሙዚቃውንና የአካባቢ ድምፁን ለየብቻ ካስረከበ ብቻ ነው። አስቀድማችሁ ጠይቁት፤ ክፍያውን ሳትጨርሱ። የተለየ ድምፅ ከሌላችሁ `DCP-o-matic` ውስጥ ያለው `Mid-side decoder` ለሁለቱም የጋራ የሆነውን ወደ መሃል ይወስደዋል። እኛ እሱን ተጠቀምን። ንግግሩ መሃል ገባ፣ የመርካቶው ጫጫታ ግን ትንሽ ጠበበ። ከግድግዳ ከሚናገሩ እናት ይሻላል ብለን ተቀበልነው።

የሠራችሁትን ዲሲፒ ሲኒማ ቤት ሳታዩ አትላኩ። ጠዋት ፊልም ሳይጀምር አሥር ደቂቃ እንዲያዩላችሁ ፕሮጀክሽኒስቱን ለምኑት፤ ሁሉንም ማየት አያስፈልግም። መጀመሪያ አንድ ደቂቃ፣ ጨለማ ትዕይንት አንድ፣ የመጨረሻ ንግግር አንድ። ጥቁሩ ግራጫ ከሆነ የቀለም መጠኑ (`full` እና `video` የሚባሉት) ተዛብቷል። መጨረሻ ላይ አፍና ድምፅ ከተለያዩ ደግሞ አንዱ ቦታ 23.976 የነበረ ነገር 24 ተብሏል፤ በ12 ደቂቃ ውስጥ ሰባት ዐሥረኛ ሰከንድ ያህል ይንሸራተታል።

ቅጹ ላይ ያሉ ሁለት ጉድጓዶች

«የቤተሰብ ስም» የሚለው ላይ የአባት ስም እንጽፋለን፣ ሌላ ምን ይጻፋል። ግን ካታሎጉ ላይ በአባታችሁ ስም ብቻ ሊጠሯችሁ ይችላሉ። ማስታወሻ የሚጻፍበት ቦታ ካለ ሙሉ ስሙ እንዳይነጠል ንገሯቸው።

ሁለተኛው ዓመቱ ነው። ፊልማችን ሐምሌ 2016 አለቀ፤ ክሬዲቱም ፖስተሩም ላይ «2016» ብለን ጻፍን፣ በኛው አቆጣጠር። ቅጹ ላይ ትክክለኛውን 2024 ሞልተን ነበር። አንድ ፌስቲቫል በትሕትና ጻፈልን፦ ከስምንት ዓመት በፊት የተሠራ ፊልም አንቀበልም። አስረድተን መለስን፤ ቀኑ ግን አልፎ ነበር። ክሬዲቱ ላይ «2024» አድርገን ማስተሩን እንደ አዲስ አወጣን። ፋይሉ አሁን «የመጨረሻው ፋይናል 3» ይባላል።